ሃሽታግ በአማርኛ፦ ስንት፣ የት እና እንዴት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ እንዳይበታተኑ ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ አድርገናቸዋል፤ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች በኢንስታግራምና በቴሌግራም የምትሸጥ አንዲት የባልትና ነጋዴ አስቡ።

ሃሽታግ አሁንም ይሠራል እንዴ?

ይሠራል፤ ሥራው ግን ተቀይሯል። ሐሳቡን ያመጣው ክሪስ መሲና የሚባል የትዊተር ተጠቃሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007። ስለ አንድ ጉዳይ የሚጻፈውን ሁሉ በ # ምልክት ለመሰብሰብ ነበር። ያኔ ሰዎች ታጉን ተጭነው ገብተው ያነቡ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያየው አልጎሪዝሙ የመረጠለትን ነው። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ሃሽታግን ፎሎው ማድረግ አስቀርቷል። የኢንስታግራሙ ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ሃሽታግ ብቻውን ተመልካች ያን ያህል እንደማይጨምር ደጋግሞ ተናግሯል።

ታዲያ የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ጣሳ ላይ «በርበሬ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ፖስቱ ስለ ምን እንደሆነ ለመተግበሪያውም ለሚፈልገው ሰውም ይናገራል። በርበሬውን አያጣፍጠውም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ የተነሱ ናቸው፤ ሃሽታግ መለያ ከሆነ ብዛቱ ሳይሆን ትክክለኛነቱ ነው የሚፈለገው።

ስንት ልጠቀም?

እንደየቦታው ይለያያል። ኢንስታግራም ለዓመታት እስከ 30 ይፈቅድ ነበር። ራሱ ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ3 እስከ 5 ይበቃል ብሎ መክሯል። ኤክስ ገና ትዊተር ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጽሑፍ ከ2 እንዳይበልጥ ይመክራል። ትሬድስ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከቪዲዮው በታች ከምትጽፏቸው እስከ ሦስቱን መርጦ ከርዕሱ አጠገብ ያሳያል፣ ከ60 በላይ ካስገባችሁ ግን ሁሉንም እንዳልነበሩ ይቆጥራቸዋል። ፌስቡክ ላይ አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው፤ እዚያ በሃሽታግ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

ሁሉንም ማስታወስ ካስቸገረ አንድ ጥያቄ ይበቃል። «ይህን ታግ ጽፎ የሚፈልግ ሰው የኔን ፖስት ቢያገኝ ደስ ይለዋል?» የባልትና ነጋዴዋ የሽሮ ፎቶ ለጥፋ #ሽሮ ብትል መልሱ አዎ ነው። #የጾም_ምግብ ብትልም አዎ ነው። #ፍቅር ብትል ግን የሚፈልገው ሰው የሽሮ ዱቄት አልፈለገም። በዚህ ወንፊት ስታሳልፉት አብዛኛው ፖስት ከአምስት በላይ አይተርፈውም።

ከተፈቀደልኝ ለምን ሁሉንም አልሞላውም? ምን ይጎዳኛል?

«ሃሽታግ ያበዛ ይቀጣል» የሚለው ወሬ ብዙ ነው። ከቅጣቱ በፊት ግን የሚታይ ጉዳት አለ። ብዙ ታግ ለመሙላት ስትሉ ከሰባተኛው በኋላ የማይመለከታችሁን መጨመር ትጀምራላችሁ፤ #love፣ #instagood፣ #viral። እነዚህ ለመተግበሪያው ስለ ሽሮ ምንም አይነግሩትም። እንደ #love ባለ ታግ ስር ደግሞ ፖስታችሁ ወዲያው በሌሎች ይዋጣል።

ሁለተኛው ጉዳት አንባቢው ላይ ነው። ዋጋውንና ስልኩን የሚፈልግ ደንበኛ በሰማያዊ ግድግዳ ውስጥ ይጠፋበታል። አንዳንዱማ ፖስቱ የሰው ሳይሆን የቦት ይመስለዋል፣ አልፎት ይሄዳል።

የት ላስቀምጣቸው? መጀመሪያ፣ መሃል ወይስ መጨረሻ?

በአማርኛ ስትጽፉ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻቸው በአንድ መስመር። ፈረንጆቹ ዓረፍተ ነገር መሃል ማስገባት ይወዳሉ፣ ለነሱም ይሠራል። እኛ ጋ ግን ቋንቋው ራሱ እንቢ ይላል። ምክንያቱም የአማርኛ ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ከፊቱ «በ»፣ «ለ»፣ «የ»፣ «ከ» ይለጠፍበታል፣ ከኋላው ደግሞ «ን»፣ «ና»፣ «ው»፣ «አችን» ይከተለዋል።

ከፊት ያለውን እንይ። «በ#ጾም ወቅት» ብላችሁ ብትጽፉ ኤክስ እና ቴሌግራም ላይ ታግ አይሆንም። ከ # በፊት ፊደል ከተጠጋው ምልክቱን እንደ ሃሽታግ አይቆጥሩትም። «በ» ስለተጠጋው ብቻ ነገሩ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ከኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሠራ ይመስላል። «#ሽሮን ከኛ ይዘዙ» ብትሉ ሰማያዊ ይሆናል። ግን የፈጠራችሁት ታግ #ሽሮን ነው፣ #ሽሮ አይደለም። #ሽሮን ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «#ሽሮና #በርበሬ» ስትሉም የመጀመሪያው ታግ #ሽሮና ሆኗል።

መሃል ማስገባት ግድ ከሆነባችሁ ዓረፍተ ነገሩን ቃሉ ባዶውን እንዲቆም አድርጋችሁ አዙሩት። «በ#ጾም ወቅት» ከማለት «#ጾም ሲገባ» ማለት ይሻላል። ይቻላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቃል እንዲህ እየታገሉ ከመጻፍ ጽሑፉን እንደ ልብ ጽፎ ታጎቹን ከታች መደርደር ይቀላል። መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይመከርም። ካፕሽኑ ፊድ ላይ ተቆርጦ ነው የሚታየው፤ ያችን ጥቂት ቦታ ለታግ ከሰጣችኋት ሰው ምን እንደምትሸጡ ሳያነብ ያልፋል።

ኢንስታግራም ላይ ካፕሽኑ ውስጥ ላድርጋቸው ወይስ የመጀመሪያው ኮመንት ላይ?

ካፕሽኑ ውስጥ። ኮመንት ላይ መደበቅ ካፕሽኑን ንጹሕ ለማድረግ የተለመደ ዘዴ ነበር። ኢንስታግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ፍለጋ ሲያስረዳ ፖስቱ በፍለጋ እንዲገኝ ቁልፍ ቃላቱም ሃሽታጎቹም ኮመንት ላይ ሳይሆን ካፕሽን ላይ ይሁኑ ብሏል። መደበቅ ያስፈለገው 30 ስለነበሩ ነው። አራት ታግ ምን የሚደበቅ ነገር አለው?

ሁለትና ሦስት ቃል ያለውን እንዴት ልጻፍ?

በአንደርስኮር፣ ማለትም በታች ሰረዝ። #የጾም_ምግብ፣ #ምጥን_ሽሮ፣ #አዲስ_አበባ። ክፍት ቦታ ከተዋችሁ ታጉ እዚያው ይቆማል፤ «#የጾም ምግብ» ብትሉ ሊንክ የሚሆነው #የጾም ብቻ ነው፣ «ምግብ» ከውጭ ይቀራል። ለዚህ ደንብ የማውቀው ለየት ያለ ቦታ ትሬድስ ነው፤ እዚያ በታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ይፈቀዳል። አጭር ሰረዝም (-) ይቆርጠዋል። ሁለት ነጥብ (፡) ደግሞ በጥንቱ አጻጻፍ ቃል መለያያ ቢሆንም ለመተግበሪያዎቹ ሥርዓተ ነጥብ ነው፣ እሱም ይቆርጠዋል። ከሥርዓተ ነጥብ ወገን ታግ ውስጥ መግባት የተፈቀደለት አንደርስኮር ነው።

እንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች አንደርስኮርን ብዙም አይወዱትም፣ የየቃሉን መጀመሪያ በካፒታል ሌተር ይጽፉና ያልፋሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ከሁለት መንገድ አንዱን ነው የምንመርጠው፤ ወይ ማጣበቅ ወይ አንደርስኮር። አጣብቃችሁ #የጾምምግብ ብትሉ ሁለቱ «ም» ተጋጥመው ዓይን ይደናገራል። ሦስት ቃል ሲሆን ደግሞ አንባቢው ቃሉን መፈታታት ይጀምራል። ቃላቱ አጫጭር ሆነው በንግግርም እንደ አንድ የሚጠሩ ከሆኑ ማጣበቁ ብዙ አይጎዳም። ከሦስት ቃል በላይ ከሆነ ግን በአንደርስኮርም አይድንም። #ለጾም_የሚሆን_ምርጥ_ምጥን_ሽሮ የሚለው ታግ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ካፕሽኑ ውስጥ ጻፉት።

«የ» ታጉ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር?

ሰው ሲናገር የሚለው ከሆነ ይግባ። ማንም «ጾም ምግብ» አይልም፣ «የጾም ምግብ» ነው የሚለው። ስለዚህ #የጾም_ምግብ። «ሽሮ ዱቄት» ግን ብዙ ሰው ያለ «የ» ይለዋል፣ #ሽሮ_ዱቄት ማለት ይበቃል። የማይሠራው «የ»ን ከምልክቱ ውጭ መተው ነው፤ የ#ጾም_ምግብ ብትሉ ከላይ እንዳልነው ኤክስና ቴሌግራም ላይ ታጉ ይሞታል።

#አዲስአበባ እና #አዲስ_አበባ አንድ ናቸው?

አይደሉም። አንደርስኮር እንደ ፊደል ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ታጎች ናቸው፣ አንዱን የተጫነ ሌላውን አያገኝም። ለራሳችሁ የፈጠራችሁት ታግ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሱቃችሁ ስም፣ አንደርስኮሩን ምረጡ፤ ይነበባልና።

የሌላ ሰው ወይም የሁሉም የሆነ ታግ ሲሆን ግን ምርጫው የናንተ አይደለም። ሁለቱንም አጻጻፍ መፈለጊያው ውስጥ አስገቡና ስር ያሉትን ፖስቶች እዩ። በየትኛው ስር ነው ሰዎች በዚህ ሳምንት የለጠፉት? የሚመሳሰል ዕቃ የሚሸጡት የቱን ነው የሚጠቀሙት? ብዙ ሰው ያለበትን ተከተሉ፣ አጻጻፉ ባያምራችሁም። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም ባንድ ፖስት ላይ አላስገባም። ከአምስት ታግ ሁለቱ የአንድ ከተማ ስም ሲሆኑ ቦታ ይባክናል።

#ጾም ልበል ወይስ #ፆም?

በአማርኛ ሃሽታግ ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው። ጆሮ ለ«ጸ» እና «ፀ»፣ ለ«ሰ» እና «ሠ»፣ ለ«አ» እና «ዐ»፣ ለ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ልዩነት አይሰማም። ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱን ሌላ ፊደል አድርጎ ነው የሚያየው። ሃሽታግ ደግሞ ፊደል በፊደል ነው የሚመሳሰለው። ስለዚህ #ጾም እና #ፆም ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ በመካከላቸው በር የለም። #አድዋ፣ #ዓድዋ እና #ዐድዋም እንዲሁ ሦስት ቦታ ተበትነዋል። ሽሮም አልቀረላትም፤ ሹሮ የሚላት ሰው አለ።

መዝገበ ቃላት ትክክል የሚለው ሌላ፣ ሰው ስልኩ ላይ የሚመታው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ሰው የሚመታው ኪቦርዱ መጀመሪያ የሚሰጠውን ነው። እዚህም መፈተሻው መፈለጊያው ነው። ሁለቱንም አስገብታችሁ የትኛው ስር ሕይወት እንዳለ እዩ። ሁለቱም ስር ሰው ካለ፣ አጻጻፉን በተመለከተ ብቻ፣ ሁለቱንም መጠቀም ያዋጣል፤ ከላይ ከተማ ስም ላይ ከተናገርኩት የሚለየው ይህ ነው፣ እዚህ ሁለት የተለያዩ የፈላጊ ቡድኖች ናቸው ያሉት። ግን ከአንድ ጥንድ አትለፉ። የ«ጾም»ን ሁለቱን ካስገባችሁ የ«ሽሮ»ን አንዱን ብቻ።

የራሳችሁ ታግ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከመፈጠሩ በፊት ማምለጥ ትችላላችሁ። የሱቃችሁን ስም ስትመርጡ እነዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት የሌሉበትን ቃል ውሰዱ። «በርበሬ» ውስጥ የሚያከራክር ፊደል የለም። «ፀሐይ ባልትና» ግን ስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ቆጥሩት።

በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፍስ?

የየቃሉን መጀመሪያ ካፒታል አድርጉ። #EthiopianFood እንጂ #ethiopianfood አይሁን። ለፍለጋ ልዩነት የለውም፤ ትልቁም ትንሹም አንድ ታግ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዞን ዘጠኝ የሚባሉት ጦማሪያን ሲታሰሩ የወጣውን ታግ እዩ።

```
#FreeZone9Bloggers
#freezone9bloggers
```

የመጀመሪያው «ይፈቱ» እያለ ነው። ሁለተኛው ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሆነ የቀረጥ ነፃ ቀጠና ይመስላል። ከዚህ የከፋውን እንግሊዞች አይተዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2013 የቀድሞዋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ስታርፍ #nowthatchersdead የሚል ታግ ተሰራጨ። «አሁን ታቸር ሞታለች» ለማለት ነበር። ብዙ ሰው ግን ቃሉን ሌላ ቦታ ላይ ቆርጦት now that Cher's dead፣ «ሼር ሞታለች» ብሎ አነበበና ለአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ለሼር ማልቀስ ጀመረ። T እና D ካፒታል ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ለአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ስትጽፉም ይኸው ነው። #MitenShiro ይነበባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ስልኩ ታጉን ስትጀምሩ ሌሎች ከዚህ በፊት የጻፉትን በትንንሽ ፊደል ያቀርብላችኋል። ያንን ከተጫናችሁ ካፒታሉ ይጠፋል፣ እስከ መጨረሻው ራሳችሁ ጻፉት።

አጻጻፉ ማየት ለተሳናቸው ሰዎችም ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። በስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ፖስታችሁን የሚሰማው በድምፅ ነው። የእንግሊዝኛ ታግ በካፒታል ከተለየ ፕሮግራሙ ቃላቱን ለይቶ የማንበብ ዕድል አለው። ካልተለየ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ያነበንበዋል። በአማርኛ ይህንን ሥራ የሚሠራው አንደርስኮሩ ነው፤ እንደ ፕሮግራሙ ቅንብር ወይ ትንሽ ቆም ይላል ወይ «አንደርስኮር» ብሎ ይጠራዋል። የተጣበቀውን ግን እንደ አንድ ረጅም ቃል ያወጣዋል።

ብዛቱም ቦታውም እዚህ ጋ ይመጣል። የ # ምልክቱም በየታጉ ፊት ሊጠራ ይችላል። አራት ታግ መጨረሻ ላይ ቢሆኑ አድማጩ ጽሑፉን ጨርሷል፣ ካልፈለገ ዘልሎ ይሄዳል። መሃል ላይ የተዘራ ሲሆን ግን ዋጋውን ለመስማት ሁሉንም ምልክት መታገሥ አለበት።

በአማርኛ ላድርግ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ገዢያችሁ ማን ነው? ሽሮው ቦሌና ሳሪስ ለሚገኝ ደንበኛ የሚደርስ ከሆነ አብዛኛው በአማርኛ ይሁን። ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ወደ ቴል አቪቭ የምትልኩ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ያደጉ ልጆች አማርኛ እየሰሙ ፊደሉን የማያነቡ ብዙ ናቸው። እናታቸው #ሽሮ ብላ ትፈልጋለች፣ እነሱ #Shiro ይላሉ። ለነሱ አንድ ወይም ሁለት የላቲን ታግ መጨመር ይጠቅማል። ግን #Shiro ሲባል ስር የጃፓን ነገር ሁሉ እንደሚመጣ እወቁ፤ በጃፓንኛ ነጭ ማለት ነው፣ ነጭ ድመት የያዘ ሁሉ ይጠቀምበታል። #EthiopianFood ወይም #ShiroWot ብትሉ ቢያንስ ድመት መሃል አትገቡም።

አንድ ፖስት ወስዳችሁ ብታሳዩኝ?

ይህ ለሁዳዴ የተጻፈ ነው። በየቀኑ የማየውን ዓይነት ነው የሠራሁት፦

```
በ#ጾም ወቅት የሚሆን #ሽሮን ከኛ ይዘዙ
#የጾምምግብ#ሽሮ #ምጥን ሽሮ #love #viral #shiro
```

ከላይ ጀምሩ። «በ#ጾም» ኤክስና ቴሌግራም ላይ ታግ አይደለም። «#ሽሮን» ሌላ ቃል ሆኗል። በሁለተኛው መስመር #የጾምምግብ እና #ሽሮ መካከል ክፍት ቦታ የለም፤ ኤክስና ቴሌግራም ላይ ሌላ # የተጣበቀበት ታግ አይያዝም፣ #የጾምምግብ ይወድቃል፤ #ሽሮም ከፊቱ ፊደል ስለተጠጋው አብሮ ይወድቃል። ከዚያ «ምጥን ሽሮ» ተቆርጦ #ምጥን ብቻ ቀረ። ከስምንቱ ምልክቶች ውስጥ ለሽያጩ የሚረባ አንድ እንኳ በሥርዓት ቆሞ አልተገኘም ማለት ይቻላል። #love እና #viral የማንም ናቸው፣ #shiro ደግሞ ድመቶቹ ጋ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጽሑፉ ራሱ ስለ ሽሮው ምንም አለማለቱ ነው።

```
የሁዳዴ ምጥን ሽሮ ደርሷል። ሽምብራና አተር፣ በነጭ ሽንኩርት፣
በኮረሪማና በበሶብላ። አዲስ አበባ ውስጥ እናደርሳለን።

#ምጥን_ሽሮ #የጾም_ምግብ #ባልትና #አዲስ_አበባ #EthiopianFood
```

አሁን አምስት ናቸው። #ምጥን_ሽሮ ዕቃውን ይናገራል፣ ትንሽ ስለሆነ ፖስቱ ቶሎ አይዋጥም። #የጾም_ምግብ ወቅቱን ይይዛል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ይወጣና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። #ባልትና የሥራውን ዘርፍ፣ #አዲስ_አበባ የምታደርስበትን ቦታ ይናገራሉ። ወደ ውጭ ባትልክ ኖሮ አምስተኛውን አውጡት እላት ነበር። ልብ በሉ፣ «ሽሮ»፣ «ሁዳዴ» እና «አዲስ አበባ» ያለ ታግም ጽሑፉ ውስጥ አሉ። ፍለጋው ዛሬ ካፕሽኑንም ስለሚያነብ ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሮ የገባ ቃል ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ቴሌግራም ቻናል ላይም በዚህ ደንብ ልሂድ?

አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሃሽታግ ዋና ጥቅም አዲስ ሰው ማምጣት ሳይሆን ቻናሉን መደርደር ነው። ደንበኛው #ዋጋ የሚለውን ሲጫን በቻናላችሁ ውስጥ ይህ ታግ ያለባቸው ፖስቶች ተሰብስበው ይመጡለታል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ማራኪ ታግ ሳይሆን የማይለዋወጥ ታግ ነው። ለባልትና ሱቅ ስምንት ያህል ይበቃሉ፦ #ሽሮ፣ #በርበሬ፣ #ቅመም፣ #የጾም_ምግብ፣ #ዋጋ፣ #ማድረሻ እያላችሁ ወስኑ። ወረቀት ላይ ጻፏቸው። በእያንዳንዱ ፖስት ላይ ከነዚህ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ አድርጉ።

ከዚያ ሁሉንም ታጎች የያዘ አንድ መልእክት ጽፋችሁ ከላይ ፒን አድርጉት። ማውጫ ሆነላችሁ። ይህ የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው፤ ዛሬ #ዋጋ፣ ነገ #ዋጋዎች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ #የዛሬ_ዋጋ ስትሉ። ቻናሉን ሁለት ሰው የሚያስተዳድረው ከሆነ ይህ ሳይውል ሳያድር ይመጣል፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር።

ሃሽታጌ ሰማያዊ አልሆነም፣ ወይም ግማሹ ብቻ ሆነ። ምን ሆኖ ነው?

ቀለሙ የቆመበትን ቦታ እዩ፣ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቃል ካለቀ በኋላ ቆሞ ቀጣዩ ቃል ጥቁር ከሆነ መሃል ክፍት ቦታ ገብቷል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ኪቦርዱ ነው፤ ከላይ ካቀረበላችሁ ቃላት አንዱን ስትጫኑ ከኋላው ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ከዚያ አንደርስኮር ስትመቱ ከቃሉ ይርቃል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከ # በፊት «በ» ወይም «የ» ተጣብቆ እንደሆነ፣ ወይም ከኋላው ሌላ # ተጠግቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

ቁጥርም ያስቸግራል። ኤክስና ቴሌግራም ላይ ታግ በቁጥር ብቻ አይቆምም፣ ቢያንስ አንድ ፊደል ይፈልጋል። #2018 ሳይሆን #ፋሲካ_2018 በሉ። የግዕዝ ቁጥር፣ እነ ፩ እና ፳፫፣ ከተራ ቁጥርም ከፊደልም ስለማይመደብ ታጉን ሊቆርጠው ይችላል። የካቲት ፳፫ ብሎ መጻፍ እንደሚያምር አውቃለሁ። ጽሑፉ ውስጥ እንደ ልባችሁ ጻፉት፣ ታጉ ላይ ግን #የካቲት_23 ይሁን።

እስከ ዛሬ #ፆም ስል ነበር። አሁን #ጾም ልል ወስኛለሁ። የድሮዎቹን ወደ ኋላ ሄጄ ላርማቸው?

ቴሌግራም ቻናል ከሆነ አዎ። ማውጫው የሚሠራው ሁሉም ፖስት አንድ ታግ ሲይዝ ነው፤ የቻናል ፖስት ከቆየ በኋላም ይታረማል፣ ስታርሙትም ለተከታዮች ማሳወቂያ አይሄድም። የድሮውን ታግ በቻናሉ ውስጥ ፈልጉ፣ የሚወጣውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቀይሩ። ሲጨርሱ የድሮው ታግ ተፈልጎ ምንም ካላመጣ አልቋል ማለት ነው። ፒን የተደረገውን ማውጫም መቀየር አትርሱ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ኢንስታግራም ላይ ካፕሽን ማረም ቢቻልም ሁሉንም መንካት ልፋት ነው። ያለፈው ዓመት የሁዳዴ ፖስት ዘንድሮ ገዢ አያመጣም። አሁንም ሰው «ስንት ነው?» እያለ የሚጠይቅባቸውን ፖስቶች ብቻ አርሙ፣ ሌላውን ተዉት። ኤክስ ላይ ደግሞ ክፍያ ለማይከፍል ሰው ማረሚያ ስለሌለ ከሚቀጥለው ጽሑፍ ጀምሩ። ለዚያ ብሎ ፖስት አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ አያስፈልግም፤ ያገኛቸው ላይኮች አብረው ይሄዳሉ።